የጥቅስ ምልክት በሲኤስቪ ፋይል፦ ድንበር ጠባቂ እንጂ ተርጓሚ አይደለም

ሲኤስቪ የሠንጠረዥ መረጃን በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ሲሆን፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ረድፍ፣ በመስመሩ ውስጥ ያለው ኮማ ደግሞ የሁለት ዓምዶች ድንበር ነው። በኢትዮጵያ ልማድ የአሥርዮሽ ቁጥር የሚለየው በነጥብ ስለሆነ የድንበሩ ኮማ ከአሥርዮሽ ምልክቱ ጋር አይጋጭም፤ ሆኖም የአገር ቅንብሩ ጀርመን ወይም ፈረንሳይ የሆነ ኮምፒውተር 1.250 የሚለውን ቁጥር 1,250 ብሎ ይጽፋል። ነጥቡም ኮማውም እ.ኤ.አ. በ2003 በተካሄደው የዓለም አቀፍ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ ተቀባይነት ያገኙ የአሥርዮሽ ምልክቶች በመሆናቸው፣ ጥፋቱ ከጸሐፊው ምርጫ ሳይሆን አንድ ምልክት ሁለት ሥራ ከመያዙ የሚመጣ ነው።

በጣና ዳርቻ በምትገኘው በደልጊ የተመዘነ ዓሣ በእንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ በኪሎ ግራም ተመዝግቦ፣ ፋይሉን ያዘጋጀው ፕሮግራም የጥቅስ ምልክት ሳያደርግ ቢያወጣው የሚከተለውን ይመስላል።

```
ቀን,ዓሣ,ክብደት
2024-10-05,ቆሮሶ,0,480
2024-10-05,አምባዛ,1,250
```

የርእሱ መስመር ሦስት ዓምድ ሲኖረው ከሥሩ ያሉት መስመሮች አራት አራት ሆነዋል። ብዙዎች እንዲህ ያለ ፋይል ሲነበብ ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ ይቆማል ብለው ቢያምኑም፣ በመረጃ ትንተና የታወቀው የፓይተን መሣሪያ ፓንዳስ ግን አንድ ትርፍ ዓምድ ሲያገኝ የመጀመሪያውን ዓምድ የረድፍ መለያ አድርጎ በዝምታ ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት ቀኑ መለያ ይሆናል፣ «ቀን» በሚለው ርእስ ሥር የዓሣው ስም ይገባል፣ «ዓሣ» በሚለው ሥር 0 እና 1 ይቀመጣሉ፣ ክብደቱም 480 እና 250 ሆኖ ይነበባል። ከሁለቱ የሚከብደው አምባዛ ከቆሮሶው የቀለለ ሆኖ ሲገኝ ማንም ካላስተዋለ፣ አማካዩና ድምሩ በዚያው ይሰላሉ።

መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው አርኤፍሲ 4180 በተባለው ሰነድ ተጽፏል፤ በውስጡ ኮማ፣ የመስመር መቁረጫ ወይም የጥቅስ ምልክት ያለበት ማንኛውም ዋጋ በድርብ ጥቅስ ሊታጠር ይገባል፣ በውስጡ የሚገኝ የጥቅስ ምልክትም ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

```
2024-10-05,አምባዛ,"1,250"
```

የማጠሪያው ምልክት በቁልፍ ሰሌዳ ላይ ያለው ቀጥ ያለው ድርብ ጥቅስ ብቻ በመሆኑ፣ በአማርኛ ጽሑፍ የተለመደው « » ወይም የጽሑፍ ማቀናበሪያ የሚያስገባው የተጠማዘዘ ጥቅስ አያጥርም። ከኮማው ቀጥሎ ለዓይን ያማረ እንዲሆን ባዶ ቦታ የሚተዉ ጸሐፊዎችም ከዚህ ልማድ መቆጠብ አለባቸው፤ ምክንያቱም የፓይተን የሲኤስቪ አንባቢ ጥቅሱን እንደ አጥር የሚቀበለው ዋጋው በእርሱ ከጀመረ ብቻ ነው፣ ባዶ ቦታ ከቀደመው ግን ቁጥሩን እንደገና ለሁለት ይከፍለዋል። በአንጻሩ የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ (፣) ለኮምፒውተር ሌላ ፊደል ስለሆነ እርሱን የያዘ ዋጋ መታጠር አያስፈልገውም።

ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት ግን ጥቅሱ ከተደረገ ነገሩ አለቀ የሚለው እምነት ነው። ጥቅሱ የሚናገረው ዋጋው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ብቻ ሲሆን፣ ዋጋው ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ በውስጡ ያለው ኮማም አሥርዮሽ ይሁን የሺህ መለያ አይናገርም። ስለዚህ በትክክል የታጠረው "1,250" በአሜሪካ ቅንብር በተከፈተ ኤክሴል ውስጥ በሙሉ ቁጥር 1250 ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ከሩብ የነበረው አምባዛ ያለ ማስጠንቀቂያ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል ማለት ነው። አደጋው የሚብሰው ልክ እንደዚህ ከኮማው ቀጥሎ ሦስት አኃዝ ሲኖር ነው፣ ምክንያቱም ያ ቅርጽ ከሺህ አጻጻፍ ጋር አንድ ነው፤ እስከ ግራም የሚያነብ ሚዛን የሚሰጠውም ይህንኑ ቅርጽ ነው። ፓይተን "1,250" ወደ ቁጥር እንዲለወጥ በ`float` ሲታዘዝ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ይህ ለተጠቃሚው የሚያስከፋ ቢመስልም ከኤክሴሉ ዝምታ እጅግ የተሻለ ጠባይ ነው።

ስለሆነም አንባቢው የኮማውን ትርጉም ለብቻው መንገር ይኖርበታል፤ በፓንዳስ ይህ የሚደረገው እንደሚከተለው ነው።

```
pd.read_csv("asa.csv", decimal=",")
```

የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ቅንብር ያለው ኤክሴል ራሱ ይህን ችግር የሚሸሸው ዓምዶቹን በኮማ ፈንታ በ`;` በመለየት ነው፤ ያን ጊዜ ጥቅስ አያስፈልግም፣ ተቀባዩ ግን `sep=";"` የሚለውን መጨመር አለበት። ፋይል የሚልክ ሰው የአሥርዮሽ ምልክቱንና የዓምድ መለያውን በአንድ መስመር ጽፎ አብሮ ሊልክ፣ የሚቀበለውም ሰው ፋይሉን በኤክሴል ከመክፈቱ በፊት በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ከርእሱ ጋር ሊያስተያይ ይገባል።