ወንዱ «ኢናን»፣ ሴቷ «ኢናን»

«መጣ» የሚለውን ቃል ወሬ ስናደርገው ድምፃችን መጨረሻው ላይ ይወርዳል፤ ጥያቄ ስናደርገው ደግሞ ከፍ ይላል። በሁለቱም ግን የተወራው ስለ መምጣት ነው። ከፍታው የቃሉ ሳይሆን የንግግሩ ነው፤ ይህን ድምፀት እንለዋለን።

ወደ ሶማሊኛ ስንሻገር ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም። «ኢናን» ሲባል የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ከፍ ካለ ወንድ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ከፍ ካለ ሴት ልጅ። «ዲቢ»ም እንደዚሁ በአንዱ አነጋገር በሬ፣ በሌላው በሬዎች ይሆናል። የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ልዩነቱን ሲሰማ ቶሎ የሚጠረጥረው ማጥበቅና ማላላትን ነው፤ እኛ በዓሉን ገናና «እስካሁን» የሚለውን ገና የምንለየው «ና»ን በማጥበቅና በማላላት ነውና። እዚህ ግን የጠበቀም የላላም የለም። የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ከፍታ የቃሉ ነው ወይስ የአነጋገሩ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው። ሁለቱን ቃላት አከታትሎ «እስቲ በላቸው» ብሎ ይቀዳል። ሰው ዝርዝር ሲያነብ የመጨረሻውን ዝቅ አድርጎ ይዘጋል፤ «ትክክል ነኝ?» የሚል ጥርጣሬ ካለው ደግሞ ሳያውቀው ያነሣዋል። የተቀዳው የዝርዝሩ ዜማ ይሆንና ቃሉ ከሥሩ ይደበቃል።

መድኃኒቱ ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ነው። «ኢናን ባን አርካይ» ማለት «ልጅ አየሁ» ነው፤ «ኢናን ማ አራግታይ?» ደግሞ «ልጅ አየህ?»። ወንዱንም ሴቷንም በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ደጋግሞ ማስባልና መቅዳት ነው። የጥያቄው ዜማ ከወሬው ቢለይም በወንዱ ላይ ከፍታው የፊተኛው ክፍለ ቃል ላይ፣ በሴቷ የኋለኛው ላይ ከጸና ከፍታው የቃሉ ንብረት ነው ማለት ነው። እንደ ፕራት ያለ ፕሮግራም የከፍታውን መስመር ኮምፒዩተር ላይ ይስላል። «ኢናን» ለዚህ ምቹ ቃል ነው፤ «ን» ድምፁን ስለማያቋርጥ መስመሩ አይበጠስም። «ት» ወይም «ክ» ያለበት ቃል ቢሆን መስመሩ ይቆረጣል፤ ተነባቢው ራሱም ቀጥሎ የሚመጣውን አናባቢ ትንሽ ገፋ ያደርገዋል።

ለማሽኑም ለራስም ጆሮ ብቻ አለመተው ጥሩ ነው። ቅጂዎቹን ደባልቆ ለሌላ ተናጋሪ ማሰማትና «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከሃያው ዐሥሩን ብቻ ካገኘ እየገመተ ነው፤ ሁሉንም ከሞላ ጎደል ከለየ ልዩነቱ በእርግጥ ቋንቋው ውስጥ አለ።

እስካሁን ያረጋገጥነው ድምፀት ብቻ አለመሆኑን ነው። የሚከብደው የቀረው ጥያቄ ነው፦ የቃል ቃና ነው ወይስ የቃና አጽንኦት፣ ማለትም ቃሉ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የሚጎላበት ሥርዓት? እዚህ ላይ መቁጠር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ክፍለ ቃል የራሱን ከፍታ እንደ ልቡ የሚይዝ ከሆነ፣ ከፍና ዝቅ ብቻ ባለው ቋንቋ ባለሁለት ክፍለ ቃል ቃላት አራት ዓይነት፣ ባለሦስቶቹ ስምንት ዓይነት ዜማ ሊኖራቸው ይችላል። በአገራችን በደቡብ ምዕራብ የሚነገረው ቤንችኛ ከዚህም ያልፋል፤ አምስት የከፍታ ደረጃዎችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ቃና አለው። ሶማሊኛ ግን ቃሉ ቢረዝምም አይባዛለትም። በአንድ ስም ላይ ከፍታው አንድ ብቻ ነው፤ ያውም በመጨረሻው ወይም ከመጨረሻው በፊት ባለው አናባቢ ላይ ያርፋል። ረጅም አናባቢ እንደ ሁለት ይቆጠራል።

ሌላም ምልክት አለ። ስሙ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን፣ ትኩረት ካልተደረገበት፣ ከፍታው ይጠፋል። ለዚህ ነው ቅድም ስሙን ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ያደረግነው፤ ይህን ያልጠነቀቀ አጥኚ «ልዩነት የለም» ብሎ ሊዘጋው ይችላል።

በ1934 ሊሊያስ አርምስትሮንግ ስለ ሶማሊኛ ድምፆች ስትጽፍ ቃናን ከቁም ነገር ቆጥራዋለች። ላሪ ሃይማን በ1981 ሥርዓቱን «ቃናዊ አጽንኦት» አለው። ይኸው ሃይማን በ2009 ባሳተመው ጽሑፍ ግን የቃና አጽንኦት ራሱን የቻለ ሦስተኛ ዓይነት አይደለም፣ የቃናና የአጽንኦት ባሕርያት በተለያየ መጠን የተቀላቀሉበት ነው ሲል ተከራክሯል። እኔም ወደዚህ አደላለሁ፤ ሶማሊኛን «ቃና አለው» ወይም «አጽንኦት ነው» ብሎ ከመሰየም ይልቅ ከፍታው ስንት ነው፣ የት ያርፋል፣ መቼስ ይጠፋል የሚለውን መናገር ስለ ቋንቋው የበለጠ ይነግረናል።