ስምን ማውጣት ብቻውን ምሥጢር አይጠብቅም

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መከሰቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጡ መግለጫዎች የታማሚዎችን ስም አይጠቅሱም ነበር፤ ዕድሜን፣ ጾታንና የጉዞ ታሪክን ግን ይገልጹ ነበር። ሚሊዮኖች በሚኖሩባት አዲስ አበባ አንድን መግለጫ ብዙ ሰው ሊጋራው ይችላል። እንደ መካነ ኢየሱስ ባለች ከተማ ግን፣ ለምሳሌ «የ54 ዓመት ወንድ፣ ማክሰኞ ከሱዳን የተመለሰ» ቢባል፣ ጎረቤት ሰውየውን ለማወቅ መዝገብ መግለጥ አያስፈልገውም።

ስለዚህ መዝገቡን የሚተነትን ባለሙያ ስምን፣ ስልክንና የካርድ ቁጥርን ካወጣ በኋላ የቀሩትን መረጃዎች ያሰፋቸዋል። 54 ዓመት «ከ50 እስከ 59»፣ ቀበሌው «እስቴ»፣ ሱዳን «ውጭ አገር»፣ ማክሰኞም «በሳምንቱ ውስጥ» ይሆናል። ቀጥሎም በዚህ መግለጫ ሥር ስንት ሰው እንዳለ ይቆጥራል። ቁጥሩ አስቀድሞ ከተወሰነው፣ ለምሳሌ ከአምስት፣ ካነሰ «እስቴ» የሚለውን ወደ «ደቡብ ጎንደር» ያሰፋዋል።

መረጃው በሰፋ ቁጥር ግን በሽታው በየትኛው ቀበሌ እንደበረታ አያሳይም። በመሆኑም ዝርዝሩ የታማሚውን ንክኪዎች ለሚለዩ ባለሙያዎች ብቻ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ለሕዝብ የሚወጣው የሰፋው ነው።