ቁጥሩን የሚያውቅ ቅጽ

ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ለሁለት ደንበኞች 0042 የሚል የክፍያ መጠየቂያ ቢሰጥ፣ ማን እንደከፈለ መለየት ይቸግረዋል። ኤክሴል ቁጥሩን ራሱ እንዲሰጥ ሁለት ገጾች ይበቃሉ፤ አንዱ የሚታተመው ቅጽ፣ ሌላው «መዝገብ» የተባለው ነው። የወጡት ቁጥሮች በመዝገቡ A ዓምድ ይሰፍራሉ፤ በቅጹ የቁጥር ሳጥን ውስጥ ደግሞ ይህ ይጻፋል፦

```
=MAX(መዝገብ!A:A)+1
```

መዝገቡ 42 ላይ ከደረሰ ቅጹ 43 ያሳያል። መዝገቡ ላይ ግን ቁጥሩን ብቻ ይጻፉ፤ «INV-43» ካሉ MAX ስለማይቆጥረው ቅጹ 43 ላይ ተገትሮ ይቀራል።

አንዳንዶች በMAX ፈንታ COUNT ይጠቀማሉ። ያኔ ከ42ቱ ረድፎች አንዱ ቢጠፋ 41 ይቀራሉ፤ ቀጣዩም እንደገና 42 ይሆናል። በMAXም ቢሆን የመጨረሻው ረድፍ ከጠፋ ቁጥሩ ይደገማል። ስለዚህ የተበላሸ ሰነድ ረድፉ አይጠፋም፤ አጠገቡ «ተሰርዟል» ተብሎ ይጻፍበታል።

ቅደም ተከተሉንም ይጠብቁ። ቅጹን መጀመሪያ በፒዲኤፍ አስቀምጠው ከዚያ 43ን ይመዝግቡ፤ ካገላበጡት ቅጹ ወዲያው 44 ይላል። ገንዘቡ ሲገባ ለሚሰጠው ደረሰኝም በዚሁ መንገድ የራሱን መዝገብ ያዘጋጁ። በሕግ የታክስ ደረሰኝ መስጠት ያለበት ነጋዴ ግን ይህ ቅጽ ያንን አይተካለትም።