ቢቸና ወይም ሞጣ ሆኖ በቻትና በኢሜይል መሥራት፦ ሺፍቱ ስንት ሰዓት ነው? ፈተናውስ?

994 ስንደውል የሚያነሱልን ሠራተኞች የሚሠሩትን ሥራ፣ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው የሚፈልጉ የውጭ ድርጅቶች አሉ። በስልክ ብቻ አይሞከርም፤ ላፕቶፕ ይፈልጋል። ደንበኛው የሚጽፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።

ማስታወቂያው ላይ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። `9 AM – 5 PM ET` ካለ የኒውዮርክ ሰዓት ነው። በነሱ ክረምት እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። መጋቢት አካባቢ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ከ10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። የኢንተርቪው ቀጠሮ ሲሰጧችሁም በራሳችን አቆጣጠር እንዳታነቡት። `3 PM EAT` ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ቻትና ኢሜይል አንድ አይደሉም። ቻት ላይ ሁለት ሦስት ደንበኛ በአንዴ መልስ ይጠብቃል፤ ኪቦርድ ሳያዩ መጻፍ የግድ ነው፣ መስመሩ አንዴ ከተቆረጠም ደንበኛው ይሄዳል። ኢሜይል ግን ጥቂት ሰዓት ይታገሳል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ላለ ሰው፣ በኔ እይታ፣ በኢሜይል መጀመር ይሻላል።

ኢንተርቪው ላይ «ኢንተርኔት ቢቋረጥስ?» ማለታቸው አይቀርም። «አይቋረጥም» አትበሉ። ዋይፋይ ሲጠፋ በስልክ ሆትስፖት እንደምትቀጥሉ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ንገሯቸው። በ2015 ክረምት እንደሆነው የክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት በሙሉ ከተዘጋ ግን ሁለተኛ ሲምም አያድንም። ለዚያ መልሱ፣ ለአለቃችሁ በመደበኛ ጥሪ ወይም በኤስኤምኤስ ማሳወቅ ነው፤ ቁጥሩን ቀድማችሁ እንደምትይዙ ተናገሩ።

ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ፈተናም አለ። ለምሳሌ አንድ ደንበኛ «ጫማ ካዘዝኩ 10 ቀን ሆነኝ፣ አልደረሰም። ብሬን መልሱ!» ብሎ ጽፏል እንበል። የተሰጣችሁ መመሪያ ደግሞ ገንዘብ የሚመለሰው ከ14 ቀን በኋላ ነው ይላል። ሰው እዚህ ላይ የሚወድቀው ወይ «እሺ እንመልሳለን» ብሎ ከሥልጣኑ በላይ ቃል ሲገባ፣ ወይ አምስት መስመር ይቅርታ ደርድሮ ጥያቄውን ሳይመልስ ሲቀር ነው። ጥሩ መልስ ሰውየውን በስሙ ይጠራል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዘግየቱን ያምናል፣ ዕቃው አሁን የት እንዳለ ይነግረዋል። ከዚያ «እስከ 14ኛው ቀን ካልደረሰ ገንዘብዎ ይመለሳል፤ በዚያን ቀን እኔ ራሴ እጽፍልዎታለሁ» ብሎ ይዘጋል። ይህንኑ በእንግሊዝኛ በ10 ደቂቃ ጽፋችሁ ተለማመዱ፣ በማግስቱ ደግሞ እንደ ተናደደ ደንበኛ ሆናችሁ አንብቡት።

ከፈተናው በፊት «የመመዝገቢያ ክፈል» ያላችሁ ካለ ግን ቀጣሪ አይደለም፤ አጭበርባሪ ነው።