የጨረታ ዋጋ በድምሩ ብቻ አይፈረድም

የጨረታ ሣጥን ተከፍቶ የተጫራቾች ዋጋ በአደባባይ በሚነበብበት ሰዓት፥ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚያቀናው ወደ ድምሩ ነው። ዝቅተኛውን ድምር ያቀረበው ተቋራጭ ለመንግሥት ገንዘብ የሚራራ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ከድምሩ በላይ የተደረደሩት ነጠላ ዋጋዎች በጥንቃቄ ካልተመረመሩ፥ በአዳራሹ ርካሽ የመሰለው ሥራ ሲፈጸም ከሁሉ የተወደደ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ተቋራጭ የሚያቀርበው ሰነድ በሦስት የተከፈለ ነው። አንደኛው ሥራውን በምን ዘዴ፥ በምን መሣሪያና በየትኞቹ ወራት እንደሚሠራ ይገልጻል፤ ሁለተኛው ከዚህ በፊት የፈጸማቸውን ሥራዎች ከነምስክር ወረቀታቸው ያሳያል፤ ሦስተኛው ዋጋው ነው። በብዙ ጨረታዎች የፊተኞቹ ሁለቱ በአንድ ፖስታ፥ ዋጋው ግን በሌላ ፖስታ ታሽጎ ይገባል። ይህም የተደረገው ገምጋሚው በገንዘቡ ማነስ ተስቦ የአሠራሩን ጉድለት እንዳያልፍ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋው ከተከፈተ በኋላ ሦስቱ ክፍሎች ጐን ለጐን ካልተነበቡ፥ አንዱ የደበቀውን ሌላው ሊገልጠው አይችልም።

ይህ ነገር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ተራራ ላይ በግልጽ ይታያል። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፥ ከላይ እስከ ታች ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይደርሳል። መሬቱም አንድ ዐይነት አይደለም። በአንድ ስፍራ ከገደሉ የተንሸራተተ አፈር ከትልልቅ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ይገኛል፤ ጥቂት እርምጃ አልፎ ደግሞ ጽኑ ጥቁር ዐለት ይገጥማል። ስለዚህ ሳይቈፈር ከአፈሩ ሥር ያለውን የዐለት መጠን በትክክል መናገር አስቸጋሪ ነው።

ለምሳሌ በዚህ ቁልቁለት ላይ መንገድ ለማስፋት ጨረታ ወጣ እንበል። አሠሪው መሥሪያ ቤት በግምት 40,000 ሜትር ኩብ አፈርና 5,000 ሜትር ኩብ ዐለት ይቈረጣል ብሎ በዝርዝሩ ጻፈ። አንደኛው ተጫራች ለአፈሩ በሜትር ኩብ 200 ብር፥ ለዐለቱ 900 ብር አቀረበ፤ ድምሩ 12,500,000 ብር ሆነ። ሁለተኛው ለአፈሩ 60 ብር ብቻ፥ ለዐለቱ ግን 1,800 ብር አቀረበ፤ ድምሩ 11,400,000 ብር ሆነ። በድምሩ ብቻ ከተፈረደ፥ ሁለተኛው በ1,100,000 ብር ረክሶ ያሸንፋል።

ነገር ግን በእንዲህ ያለው ውል ክፍያው የሚፈጸመው በሥራው ላይ ተለክቶ በተገኘው መጠን እንጂ በግምቱ አይደለም። ተራራው ሲቈረጥ አፈሩ 30,000፥ ዐለቱ 15,000 ሜትር ኩብ ሆኖ ቢገኝ፥ የአንደኛው ሒሳብ 19,500,000 ብር ሲሆን የሁለተኛው 28,800,000 ብር ይደርሳል። ርካሽ የተባለው በ9,300,000 ብር በለጠ ማለት ነው። ይህም እንዲሆን ብዙ ዐለት መገኘት አያስፈልገውም፤ ጠቅላላው ቍፋሮ ሳይለወጥ ዐለቱ ከ6,000 ሜትር ኩብ ጥቂት እንዳለፈ ሚዛኑ ይገለበጣል።

ተጫራቹ ይህን አውቆ እንዳደረገው የሚጠቍም ምልክት ብዙ ጊዜ በራሱ የአሠራር ሰነድ ውስጥ ይገኛል። ለ5,000 ሜትር ኩብ ዐለት ከሚበቃው በላይ ብዙ የዐለት መሰርሰሪያና ኮምፕረሰር ከዘረዘረ፥ ቦታውን አይቶ የግምቱን ስሕተት ተረድቷል ያሰኛል። የልምዱም ማስረጃ ሲታይ፥ የቀድሞዎቹ ሥራዎች የተፈረሙበት ዋጋ ብቻ ሳይሆን የተዘጉበት የመጨረሻ ሒሳብ ሊጠየቅ ይገባል።

ይሁን እንጂ ዋጋው ስለ ተዛነፈ ብቻ ተጫራቹን አታላይ ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። ለጥቂት ዐለት ከባድ መሣሪያ ከሩቅ የሚያስመጣ ሰው በእውነት ብዙ ወጪ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የነጠላ ዋጋውን አወጣጥ፥ ማለት የሠራተኛውን፥ የመሣሪያውንና የነዳጁን ወጪ ለይቶ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠየቃል፤ ዋጋውን ለመለወጥ ግን አይፈቀድለትም።

ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ግን ከጨረታው በፊት ያለው ነው። መሥሪያ ቤቱ በመንገዱ መስመር ላይ የመፈተሻ ጕድጓድ አስቈፍሮ ግምቱን ያርም፤ ትልልቁ ድንጋይ ከምን ያህል መጠን ጀምሮ እንደ ዐለት እንደሚቈጠር በውሉ ይጻፍ፤ የተለካው ሥራ ከግምቱ እጅግ ቢርቅ ነጠላ ዋጋው እንደገና እንዲታይ የሚፈቅድ አንቀጽም ይግባ። ይህ ምክር ለመንገድ ብቻ አይደለም፤ በተዳፋት ላይ ሕንፃ የሚያሠራ የደብር ሰበካም መሠረቱ ሲቈፈር ይኸው ሒሳብ ይጠብቀዋል። የጕድጓዱ ወጪ በመጀመሪያ ብክነት ቢመስልም፥ በላይኛው ምሳሌ እንደ ታየው ሳይቈፍሩ የቀሩበት ግምት 9,300,000 ብር ሊያስከፍል ይችላል።