ዋጋ ሲንር ሱቁ ስንት አተረፈ እንበል?



ብዙዎቻችን ክረምት ሲመጣ ኮልፌም ሆነ መርካቶ የቤተሰብ ሱቅ ውስጥ መቆማችን አይቀርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ወጥቷል። አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያየ ዋጋ ተገዝቶ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይገናኛል። ታዲያ አንዱ ሲሸጥ በየትኛው ዋጋ እንደተገዛ እንቁጠረው?

ኮልፌ ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ እናስብ፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ እኛ ያወጣናቸው ናቸው። ባለሱቁ መጀመሪያ 40 ጥቅል ሽቦ በ2,000 ብር ገዛ። ቀጥሎ 40 በ2,600፣ በመጨረሻ 20 በ3,000 ጨመረ። በድምሩ ለ100 ጥቅል 244,000 ብር አወጣ። ከዚያ 60ውን በ3,200 ሸጦ 192,000 ብር አገኘ።

ፊፎ የሚባለው ስሌት ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንደወጣ ይቆጥራል። ስለዚህ ከተሸጠው 40ው በ2,000፣ 20ው በ2,600 ይያዛል፤ ወጪው 132,000 ነው። ኪራይና ደመወዝ ሳይነሳ ያለው ትርፍ 60,000 ብር ይሆናል። በአማካይ ዋጋ ከሄድን ግን 244,000 ለ100 ሲካፈል 2,440 ይመጣል። የ60ው ወጪ 146,400፣ ትርፉም 45,600 ብር ነው።

ከካዝናው አንድ ብር አልተነካም፤ የ14,400 ብሩ ልዩነት ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። ለቀሩት 40 ጥቅሎች ፊፎ 112,000፣ አማካዩ 97,600 ብር ይሰጣቸዋል። እነሱም ሲሸጡ በፊፎ ወጪያቸው ከፍ ስለሚል ትርፋቸው በዚያው ልክ ያንሳል። ሁሉም ተሸጦ ሲያልቅ የሁለቱ ስሌት ድምር አንድ ነው። ነገር ግን የዓመቱ ሒሳብ መሐል ላይ ከተዘጋ፣ የዘንድሮ ትርፍም ግብሩም በፊፎ ይበልጣል።

ለእኛ ከዚህ የባሰው አደጋ ሌላ ነው። ባለሱቁ 60,000ውን ትርፍ ብሎ ለቤት ወጪ ቢያውለው በእጁ 132,000 ይቀራል። ይህ በ3,000 ብር ሒሳብ 44 ጥቅል ብቻ ይገዛል፤ የሸጠው ግን 60 ነበር። አማካዩም ሙሉ በሙሉ አያድነውም፤ በ146,400 የሚገዛው 48 ነው። የሸጠውን ለመተካት 180,000 ስለሚያስፈልግ፣ ሱቁ ሳይመነምን ማንሳት የሚችለው 12,000 ብር ብቻ ነበር። «ሽያጭ ጥሩ ነው፤ መደርደሪያው ግን ለምን ይሳሳል?» የሚል ባለሱቅ ካጋጠማችሁ ነገሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ ሁለቱንም ስሌቶች ይፈቅዳል። ኋላ የገባውን አስቀድሞ የሚያወጣውን ግን አይቀበልም። አንዱን ከያዙ በኋላ ትርፉ እንዲያምር በየዓመቱ መቀያየርም አይቻልም። የመጫኛና የማውረጃ ወጪም በግዢው ዋጋ ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ዘካ ሲሰላ ደግሞ ብዙ ዑለማዎች የንግድ ዕቃ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይተመናል ስለሚሉ፣ ለ40ዎቹ ጥቅሎች 112,000ውም ሆነ 97,600ው መነሻ አይሆንም። በዚያን ቀን ገበያው የሚያወጣላቸው ዋጋ ተጠይቆ ይያዛል።