ጣት ወደ ኋላ የሚመለስበት ስላይድ

ኢንስታግራም ላይ ተከታታይ ምስል ስንለጥፍ፣ ተመልካቹ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ ይቆማል። ምስሎቹ በራሳቸው ዞረው ወደ ሽፋኑ አይመለሱም። እንደገና እንዲያይልን ከፈለግን ምክንያት መስጠት አለብን።

ስለ ቡና አቆላል የሚያስተምር ባለ 6 ስላይድ ሥራ እንውሰድ። ሽፋኑ ላይ ሁለት እፍኝ የተቆላ ቡና ጎን ለጎን ተቀምጦ «ምጣድ ያቃጠለው የትኛውን ነው?» ይላል። ሁለቱም ቡናማ ናቸውና ተመልካቹ ገምቶ ያልፋል። ቀጣዮቹ አራት ስላይዶች አንድ ነገር ያስተምሩታል፤ ምጣዱ ከልክ በላይ ሲግል የፍሬዋ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ጥቁር ጠባሳ ይቀራል።

ስድስተኛው ላይ የሽፋኑ ቀለምና የፊደል ቅርፅ ይመለሳሉ። ጠባሳ ያለባት አንዲት ፍሬ ጎልታ ትታያለች፣ ከሥሯ «ከየትኛው እፍኝ ወጣች?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው፤ አሁን ደግሞ ተመልካቹ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ብዙዎች እዚህ ላይ መልሱን ራሱን ይጽፉና መመለሻውን ይዘጉታል።

ይህ የሚሠራው የሽፋኑ ፎቶ ፍሬዎቹን በጠፍጣፋ ጎናቸው አጥርቶ ካሳየ ነው። መንገዱም የኋሊት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ስላይድ ያለ ቀዳሚው ትርጉም ሊሰጥ ይገባል፤ «ስለዚህ» ብሎ የሚጀምር ካለ አስተካክሉት።

ከመለጠፋችሁ በፊት ስልኩን ምንም ሳትናገሩ ለአንድ ሰው ስጡና ስድስተኛው ላይ ጣቱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ።